ስድስት ስድስት ችግኝ ሲሆን፦ ቲ-ቴስት ወይስ ማን-ዊትኒ?

ጅማ ላይ ለክፍል ፕሮጀክት የቡና ችግኝ ለምትለኩ ልጆች፣

አብዛኞቻችሁ የምትከተሉት ደንብ ይታወቃል፤ ዳታው ኖርማል መሆኑን የሚፈትሸው ሻፒሮ-ዊልክ ፒ-ቫልዩ ከ0.05 በላይ ካወጣ ቲ-ቴስት፣ በታች ካወጣ ማን-ዊትኒ። ስድስትና ስምንት ቁጥር ላይ ግን ይህ ደንብ ያሳስታል። ናሙናው ሲያንስ ሻፒሮ-ዊልክ አቅም የለውም፤ በግልጽ ያዘነበለ ስርጭት እንኳ ሳይይዘው ያልፋል። ስለዚህ ፒ-ቫልዩው 0.30 መሆኑ ዳታው ኖርማል ነው ማለት አይደለም፤ አለመሆኑን የሚያሳይ በቂ ቁጥር አልተገኘም ማለት ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ስድስት ችግኝ በጫካ አፈር ብቻ፣ ስድስት ደግሞ የቡና ገለፈት ኮምፖስት በተቀላቀለበት አፈር አድገዋል እንበል። ቁመታቸው በሴንቲሜትር ይኸው፤ R ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

```
afer <- c(14, 15, 16, 17, 18, 19)
kompost <- c(17.5, 18.5, 20, 21, 22, 40)
shapiro.test(afer)
shapiro.test(kompost)
t.test(kompost, afer)
wilcox.test(afer, kompost)
```

ሻፒሮ-ዊልክ ለየቡድኑ ለብቻ እንደተሠራ ልብ በሉ። ሁለቱን ቡድን አንድ ላይ ደባልቆ መመርመር የተለመደ ስህተት ነው፤ ኮምፖስቱ በእርግጥ ከሠራ የተደባለቀው ዳታ ሁለት ጉብታ ሊያወጣና እያንዳንዱ ቡድን ጤነኛ ሆኖ ሳለ “ኖርማል አይደለም” ሊያስብል ይችላል።

ቲ-ቴስቱ t = 1.9 ገደማ፣ ፒ ደግሞ 0.11 ገደማ ይሰጣል፤ ልዩነት መኖሩ አልተረጋገጠም ማለት ነው። በR ስሙ wilcox.test የሆነው ማን-ዊትኒ በዚያው ዳታ ላይ 0.015 ይላል። R የዌልችን ቲ-ቴስት ነው የሚሠራው፤ ይህም የሁለቱ ቡድን ቫርያንስ እኩል ነው ብሎ አይነሳም። SPSS ላይ የምታነቡት “Equal variances not assumed” የሚለውን መስመር ነው።

አሁን 40 በሚለው ምትክ 24 አስገቡና እንደገና አስሉ። የኮምፖስቱ አማካይ ከ23.2 ወደ 20.5 ወረደ፤ በቡድኖቹ መካከል ያለው ልዩነትም ከ6.7 ወደ 4 ሴንቲሜትር ጠበበ። ቲው ግን ወደ 3.2 ወጣ፣ ፒውም ከ0.01 በታች ሆነ። ልዩነቱ ሲያንስ ማስረጃው ጠነከረ! ምክንያቱም 40 አማካዩን ትንሽ ሲጎትት ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን ከ2.4 ወደ 8.4 አሳበጠው፤ ቲ የሚገኘውም ልዩነቱን በዚሁ መበታተን በሚመጣው ስህተት በማካፈል ነው። ማን-ዊትኒ ግን የሚያየው ተራውን ብቻ ነው። 24ም ሆነ 40 አሥራ ሁለተኛው ነው፤ ውጤቱ ያው 0.015።

ከዚህ ተነስታችሁ ሁልጊዜ ማን-ዊትኒ ይሻላል እንዳትሉ። መጀመሪያ ወደ መዝገባችሁ ተመለሱ፤ ችግኙ ካለ ዳግም ለኩት። 24 ሆኖ በስህተት 40 ከተጻፈ አርሙ። እውነተኛ 40 ከሆነ ግን አይሰረዝም፤ ያኔ ማን-ዊትኒ ተገቢ ነው። ነጥቦቹን በመስመር ላይ ደርድራችሁ ስታዩ ሚዛናዊ ከሆኑና የተገነጠለ ከሌለ ዌልች ይሻላል፤ ምን ያህል ሴንቲሜትር እንደሚለያዩም ይነግራችኋልና። በ24ቱ ዳታ ልዩነቱ 4 ሴንቲሜትር፣ የ95 በመቶ ወሰኑ ከ1.2 እስከ 6.8 ነው።

የማን-ዊትኒ ትልቁ ገደብ የናሙና ቁጥር ነው። በየቡድኑ ሦስት ብቻ ካላችሁ ስድስቱን ቁጥር ለሁለት የመክፈያ መንገዱ 20 ነው፤ አንዱ ቡድን ሙሉ በሙሉ ከሌላው ቢበልጥ እንኳ በሁለት ጎን ፈተና የሚገኘው ትንሹ ፒ 2/20፣ ማለትም 0.10 ነው። ከ0.05 በታች መውረድ ከመጀመሪያውም አይችልም። አራት አራት ሲሆን 2/70፣ 0.029 ገደማ ይደርሳል። ተመሳሳይ ቁመት ሲኖር ደግሞ R ትክክለኛውን ፒ ማስላት እንደማይችል ያስጠነቅቃል፤ ስለዚህ ወደ ሙሉ ሴንቲሜትር አታጠጋጉ፣ እስከ ሚሊሜትር ለኩ።

ሁለቱንም ሠርቶ የቀናውን ፒ መምረጥ ግን አይፈቀድም። የትኛውን በምን ሁኔታ እንደምትጠቀሙ ከመለካታችሁ በፊት በፕሮፖዛሉ ላይ ጻፉት።

ሪፖርት ስትጽፉ ማን-ዊትኒ “አማካዩ ተለያየ” አያሰኝም። የሁለቱ ስርጭት ቅርጽ ካልተመሳሰለ “ሚዲያኑ ተለያየ” ማለትም አያስኬድም። R የሚሰጣችሁ W = 3 ነው፤ ከ36ቱ ጥንዶች የጫካ አፈሩ ችግኝ የበለጠው በ3ቱ ብቻ ነው ማለት ነው። እንዲህ ጻፉት፦ “ከ36ቱ ጥንዶች በ33ቱ ኮምፖስት ያገኘው ችግኝ ረዝሟል፤ ማን-ዊትኒ፣ ፒ = 0.015፣ በየቡድኑ 6 ችግኝ።”