በሁለት በዓላት መካከል የሚቀሩ የሥራ ቀናትን በፈቃድ ስለመጠየቅ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ከረቡዕ እስከ ዓርብ የሦስት ቀን የዓመት ፈቃድ መውሰድ እፈልጋለሁ። ከዚያ በፊት ያለው ማክሰኞ በዓል ነው፤ ከማክሰኞው በፊት ባለው ሳምንት የሚውለው ሐሙስም እንዲሁ በዓል ነው። በመካከል የሚቀሩትን ዓርብንና ሰኞን አብሬ ብጠይቅ ቀን የማሳድድ እንዳልመስል እንዴት ልጻፈው?

መልስ፦ ቅዳሜና እሑድ የማይሠሩ ከሆነ፣ ሁሉም ቀናት ቢፈቀዱልዎ ከሐሙሱ በዓል ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ሳምንት እሑድ ድረስ 11 ተከታታይ ቀናት ያርፋሉ፤ ከዓመት ፈቃድዎ የሚቀነሰው ግን 5 ቀን ነው። ብዙ ጠያቂዎች «ዐሥራ አንድ ቀን እረፍት እፈልጋለሁ» ብለው በመጻፍ ጥያቄያቸውን ራሳቸው ያከብዱታል። በበዓሉና በሳምንቱ መጨረሻ መሥሪያ ቤቱም ዝግ ስለሆነ፣ ኃላፊዎ በእርግጥ የሚያጣዎት በ5 የሥራ ቀናት ብቻ ነው፤ በደብዳቤው ላይ ሊሰፍር የሚገባውም ይኸው ቁጥር ነው።

ይህ ሲባል የኃላፊው ስጋት መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ዓርብና ሰኞ ሁለት ቀናት ብቻ ቢሆኑም፣ በ11ዱ ቀናት ውስጥ እርስዎን በሥራ ቦታ ማግኘት የሚቻለው በእነርሱ ብቻ ነው። እነርሱም ከተወሰዱ ረቡዕ ማታ የደረሰ ጉዳይ ከ11 ቀን በኋላ ሰኞ ጠዋት ይታያል ማለት ነው። ስለዚህ «በመካከል ያለች አንድ ሁለት ቀን ናት» የሚለው ክርክር ኃላፊውን አያሳምነውም፤ የሚያሳምነው ጥያቄው በእነዚያ ሁለት ቀናት ሥራው በማን እጅ እንደሚሆን ሲመልስለት ነው። እረፍቱ እንደሚገባዎት ማስረዳት አያስፈልግዎትም፤ የዓመት ፈቃድዎ ነውና።

ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ የዓመት ፈቃድ ስለመጠየቅ

ከረቡዕ … እስከ ዓርብ … ያሉት 3 የሥራ ቀናት ከዓመት ፈቃዴ ታስበው እንዲሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በተጨማሪም በሁለቱ በዓላት መካከል የሚውሉት ዓርብ … እና ሰኞ … እንዲታከሉልኝ እጠይቃለሁ፤ በጠቅላላው 5 የሥራ ቀናት ይሆናሉ። የወሩን ሪፖርት ከመጀመሪያው በዓል በፊት ባለው ማክሰኞ አስረክባለሁ። በተጨማሪዎቹ ሁለት ቀናት የሚመጡ የክፍያ ጥያቄዎችን የክፍሉ ባልደረባዬ ተቀብላ ለመመዝገብ ተስማምታለች፤ አስቸኳይ ያልሆኑት ስመለስ ይታያሉ። ሁለቱንም ቀናት መፍቀድ የሚያስቸግር ከሆነ ሰኞ ብቻ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ፤ ዓርብ በሥራ ገበታዬ ላይ እገኛለሁ። ወደ ሥራ የምመለሰው ሰኞ … ጠዋት ነው።»

ሪፖርቱ ረቡዕ ሳይሆን ማክሰኞ የሚረከበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እርማት ቢያስፈልገው ረቡዕ አንድ ቀን ይተርፋል፣ ኃላፊውም ይህን ያስተውላል። ባልደረባዎ ተስማምታለች ብለው የሚጽፉት በእርግጥ ከተስማማች ብቻ ነው። ኃላፊው በመጀመሪያ የሚጠይቀው እርሷን ነውና «እኔ አልሰማሁም» ካለች የቀረው ደብዳቤ ሁሉ ዋጋ ያጣል።

ከሁለቱ ቀናት ሰኞን ማስቀደሜም በስሌት ነው። ሰኞ ብቻ ቢፈቀድ ከቅዳሜ እስከ ቀጣዩ ሳምንት እሑድ 9 ተከታታይ ቀናት በ4 የፈቃድ ቀን ያገኛሉ። ዓርብ ብቻ ቢፈቀድ ግን ሰኞ ሥራ ገብተው ስለሚወጡ እረፍቱ ለሁለት ይከፈላል። አማራጭ ሳያቀርቡ ሁሉንም በአንድ ቢጠይቁ፣ ኃላፊው ለመቀነስ ሲፈልግ የሚቀንሰውን ራሱ ይመርጣል፤ የሚመርጠውም ለእርስዎ የሚጠቅመውን ላይሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ቀናቱን በኮምፒውተር ፈቃድ መጠየቂያው ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ሳስገባ በዓሉንም ጨምሮ ቀነሰብኝ። ትክክል ነው?

መልስ፦ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ፕሮግራሙ የበዓሉ ቀን ስላልተመዘገበለት እንደ ሥራ ቀን ቆጥሮት ይሆናል፤ ይህ ስሕተት ስለሆነ የሰው ኃይል አስተዳደሩ ያስተካክለዋል። ሁለተኛው የከፋው ነው፤ አንዳንድ ድርጅቶች በሁለት የፈቃድ ቀናት መካከል የወደቀን በዓልና የሳምንት መጨረሻ እንደ ፈቃድ የሚቆጥር የውስጥ ደንብ አላቸው። እንዲህ ባለ ቦታ ዓርብንና ሰኞን መጠየቅ በመካከል ያሉትን ቅዳሜንና እሑድንም ያስከፍላል፤ 2 ቀን የነበረው 4 ይሆናል።

በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1970 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ስምምነት ቁጥር 132 በዓላት ከዝቅተኛው የዓመት ፈቃድ ውስጥ እንዳይቆጠሩ ይደነግጋል። ሆኖም ስምምነቱ የሚሠራው ባጸደቁት አገሮች ነው፤ የሚጠብቀውም ዝቅተኛውን ፈቃድ እንጂ አሠሪው በራሱ ፈቃድ የጨመረውን አይደለም። ስለዚህ የሥራ ውልዎንና የድርጅቱን ደንብ አስቀድመው ያንብቡ። ቅጹን ከመላክዎ በፊትም ቀሪ ፈቃድዎን ይመዝግቡና ከተላከ በኋላ ካለው ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱ ከጠየቁት የሥራ ቀን ቁጥር ከበለጠ ያኔውኑ ይጠይቁ፤ ከተመለሱ በኋላ ማስተካከል አሰልቺ ነው።

ጥያቄ፦ በዓሉ በጨረቃ መታየት የሚወሰን ነው፤ ሐሙስ ነው ቢባልም ዓርብ ሊሆን ይችላል። አስቀድሜ እንዴት ልጠይቅ?

መልስ፦ አደጋው ያለው በጥያቄው ጠርዝ ላይ ነው። «ከዓርብ ጀምሮ» ብለው ጠይቀው በዓሉ ወደ ዓርብ ቢሸጋገር፣ ሐሙስ የሥራ ቀን ይሆናል፤ እርስዎም ጉዞ ላይ ከሆኑ ያለ ፈቃድ ቀሩ ማለት ነው። ስለዚህ ሐሙስንም በጥያቄው ውስጥ ያካትቱና እንዲህ ብለው ያክሉበት፦ «በዓሉ ዓርብ የሚውል ከሆነ በዓርብ ምትክ ሐሙስ ከፈቃዴ እንዲታሰብ እጠይቃለሁ።» በዚህ አኳኋን ቀኑ ቢለወጥም የሚቀነሰው የፈቃድ ቁጥር አይለወጥም። ኃላፊዎም ሁለት ጊዜ መፈረም አይጠበቅበትም፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ ኃላፊዎች ይህን ከምንም በላይ ይወዱታል።

ጥያቄ፦ ያችኑ ዓርብ ሦስት ባልደረቦቼ ቀድመው ጠይቀዋታል። ልተወው?

መልስ፦ ከመተውዎ በፊት ያለፈው ተመሳሳይ ቀን ላይ ማን በሥራ እንደነበረ ያስታውሱ። እርስዎ ከነበሩ፣ «ባለፈው በበዓላት መካከል በዋለው ዓርብ በተረኝነት ሥራ ላይ ስለነበርሁ የአሁኑ ተራ እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የባልደረቦችዎን ስም አያንሡ፤ ከእነርሱ ጋር እየተወዳደሩ ሳይሆን ተራዎን እየጠየቁ ነው። እርስዎ ካልነበሩ ግን ተራው የእነርሱ ነው፤ ግማሽ ቀን ሠርቶ ከቀትር በኋላ ለመውጣት መጠየቅ ይቻላል፣ ደንቡ የግማሽ ቀን ፈቃድን ካወቀ።

ጥያቄ፦ «በቤተሰብ ጉዳይ» ብዬ ብጽፍ ቶሎ አይፈቀድልኝም?

መልስ፦ እውነት ከሆነ ይጻፉት። ካልሆነ፣ ቀኑ በሁለት በዓላት መካከል መዋሉን ማንም ስለሚያይ ምክንያቱን የሚያምን አይኖርም፤ «በዓላቱን አያይዤ ለማረፍ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።