የውኃ ጥንካሬ በኢዲቲኤ፦ ስለ ቡፈሩና ስለ ቀለሙ ጥያቄና መልስ

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦ ጋሼ፣ የውኃው ፒኤች ራሱ ወደ 8 ይጠጋል። የውኃውን ጥንካሬ ስለካ ፒኤቹን የሚያጸናውን ቡፈር ብተወውስ?

መልስ፦ ስትጀምር 8 ቢሆንም እዚያው አይቆይልህም። ጥንካሬውን የሚፈጥሩትን ካልሲየምና ማግኒዥየም ለመለካት በጠብታ የምትጨምረው ኢዲቲኤ ካልሲየምን ሲይዝ የራሱን ሃይድሮጅን አዮኖች ይለቃል፤ ስለዚህ በጨመርክ ቁጥር ውኃው ወደ አሲድ ያዘነብላል። ያን ጊዜ ኢዲቲኤ ማግኒዥየምን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። ፒኤቹ ከ6 በታች ከወረደ ደግሞ በቀለሙ መጨረሻውን የሚያሳየው ኢንዲኬተር፣ ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ፣ ካልሲየምም ሆነ ማግኒዥየም ሳይዝም ቀይ ነው፤ የመጨረሻውን ሰማያዊ አታየውም። የአሞኒያና የአሞኒየም ክሎራይድ ቡፈር 10 ላይ ያቆምልሃል። አብዝተህ 12 ብታደርሰውም ማግኒዥየሙ ይዘቅጣል።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ ኢንዲኬተሩ ካልሲየምን ይዞ ይቀላል፣ ኢዲቲኤ ሲነጥቀው ሰማያዊ ይሆናል፤ ትክክል ነኝ?

መልስ፦ መንጠቁ ትክክል ነው፤ የሚነጠቀው ግን በዋናነት ማግኒዥየም ነው። ኢንዲኬተሩ ካልሲየምን የሚይዘው በላላ እጅ ነው። ኢዲቲኤ መጀመሪያ ካልሲየሙን፣ ቀጥሎ ነፃውን ማግኒዥየም፣ በመጨረሻ ኢንዲኬተሩ የያዘውን ይወስዳል። ማግኒዥየም በሌለበት ውኃ ቀለሙ እየደበዘዘ ይጎተታል እንጂ ቁርጥ ብሎ አይለወጥም። ለዚህ ነው ቡፈሩ ውስጥ ጥቂት የማግኒዥየምና የኢዲቲኤ ጨው የሚጨመረው። ሁለቱ እኩል ስለሚገቡ ንባቡን አያዛቡም። መጨረሻው ሲቃረብ በጠብታዎች መካከል ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ፤ የማግኒዥየሙ ልውውጥ ፈጣን አይደለም።

ከድሬዳዋ፦ ማንቆርቆሪያዬ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። 50 ሚሊ ሊትር ውኃ 18.6 ሚሊ ሊትር ባለ 0.01 ሞላር ኢዲቲኤ ወሰደ። ሰማያዊ ከሆነ በኋላ ግን ተመልሶ ቀላ። ሳፈላው ጥንካሬው ይጠፋል?

መልስ፦ በዚህ መጠን እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 20 ስለሚቆጠር 372 ሚሊ ግራም በሊትር ነው፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ። ተመልሶ መቅላቱ ግን ያሳስበኛል። ፒኤች 10 ላይ ካልሲየም ካርቦኔት መዝቀጥ ይጀምራል፤ የዘቀጠው ቀስ ብሎ ሲሟሟ ቀለሙን ይመልሰዋል። 25 ሚሊ ሊትር ወስደው በተጣራ ውኃ ወደ 50 ያድርሱትና ቡፈሩ ከገባ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሱ። ያን ጊዜ ማባዣው 40 ይሆናል። በማፍላት የሚወርደው ከባይካርቦኔት ጋር ያለው ክፍል ብቻ ነው። አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ አጥልለው፣ የተነነውን በተጣራ ውኃ ከተኩ በኋላ ድጋሚ ቢለኩ ልዩነቱን ያገኙታል።

ከፋብሪካ፦ የእኛ ከነጭራሹ ሰማያዊ አይሆንም! ኢዲቲኤው ደካማ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ደካማ ኢዲቲኤ መጨረሻውን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። ቡፈሩንና ኢንዲኬተሩን በተጣራ ውኃ ውስጥ ይሞክሩ፤ ሰማያዊ መሆን አለበት። ትንሽ ማግኒዥየም ሰልፌት ሲጨምሩ ይቀላል፣ በኢዲቲኤ ደግሞ ይመለሳል። ይህ ከሠራ ጥፋቱ ናሙናው ላይ ነው፤ መዳብ ወይም ብረት ኢንዲኬተሩን ጨብጦ አልለቅም ብሏል። የትኛው እንደሆነ ቀለሙ አይነግረንም።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ የእኛ ቧንቧ መዳብ ነው፤ እዚያም እንደዚያ ይሆን?

መልስ፦ ቧንቧውን ለጥቂት ደቂቃ ካፈሰሱ በኋላ የቀዱትንና ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ያደረውን ለየብቻ ይለኩና ውጤቱን ይጻፉልን።