እኩል ነጥብ ሲመጣ ማን ይቀድማል?

«ሁለት ቡድኖች እኩል ነጥብ ካላቸው የግብ ክፍያው የበለጠው አይደል የሚቀድመው? ትናንት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ሻይ ቤት ተከራክረን ሳንግባባ ተለያየን።»

ወንድሜ፣ እንደ ሊጉ ነው። ለእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ልክ ነህ። ስፔን ላሊጋ ግን መጀመሪያ የሚያየው የእርስ በርስ ግንኙነትን ነው። በ2006/07 ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና እኩል 76 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። የባርሳ የግብ ክፍያ 45፣ የማድሪድ 26 ብቻ ነበር። ዋንጫውን ማድሪድ ወሰደ! (እኔ የባርሳ ደጋፊ ነኝ፣ እስካሁን ያመኛል።) ባርሳን በሜዳው 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ካምፕ ኑ ላይ 3 ለ 3 ወጥቶ ነበራ።

ሰው የሚሳሳተው የውድድር ዓመቱ አጋማሽ ላይ ነው። ሁለቱ ቡድኖች የደርሶ መልሱን ጨዋታ እስኪጨርሱ ድረስ ሠንጠረዡ በግብ ክፍያ ነው የሚደረደረው። ሁለተኛው ጨዋታ ሲያልቅ ቦታ ቢቀያየሩ አትደንግጥ።