የቁጥር ጥያቄዎቻችሁ፦ ሁለቱ ቡድኖች በእርግጥ ይለያያሉ?

«ጋሼ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን እየሠራሁ ነው። 12 የቡና ችግኝ በገለፈት ብስባሽ፣ 12 ደግሞ ያለ ብስባሽ አሳድጌ ቁመታቸውን ለካሁ። የሁለቱ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ስለተደራረበ አማካሪዬ "ልዩነት የለም" አሉኝ። ልተወው?» — ከጅሬን

ቆይ፣ አትተዪው። የላክሽልኝን ሠንጠረዥ ከፍቼ አይቼዋለሁ። ብስባሽ ያገኙት አማካይ ቁመታቸው 26.4 ሴንቲ ሜትር፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው 3.6 ነው። ያላገኙት ደግሞ 23.0 እና 3.2። ኢንተርቫሉን በኤክሴል ያወጣሽው በዚህ ነው፤ ትክክል ነው።

```
=CONFIDENCE.T(0.05,STDEV.S(B2:B13),12)
```

ይሄ የሚሰጥሽ ከአማካዩ ወደ ላይና ወደ ታች የምትሄጂበትን ርቀት ነው። ለመጀመሪያው ቡድን 2.29፣ ለሁለተኛው 2.03 ይመጣል። ስለዚህ አንዱ ከ24.1 እስከ 28.7፣ ሌላው ከ21.0 እስከ 25.0 ይሆናል። አዎ፣ ተደራርበዋል።

ግን አማካሪሽ ያዩት እያንዳንዱን ቡድን ለብቻው ነው። ያንቺ ጥያቄ ደግሞ ስለ ልዩነቱ ነው። ሁለቱ መስመሮች እንዳይነካኩ ከተፈለገ አማካዮቹ ቢያንስ በ2.29 + 2.03፣ ማለትም በ4.32 መራራቅ አለባቸው። ይሄ ከሚገባው በላይ ጥብቅ መስፈርት ነው። አንዱ አማካይ በዕድል ወደ ታች፣ ሌላው በዕድል ወደ ላይ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እስከ ጫፋቸው መሳሳታቸው ብርቅ ነው። ስለዚህ ስህተቶቹ ዝም ብለው አይደመሩም። ካሬያቸው ይደመርና ሥሩ ይወሰዳል።

```
=SQRT(VAR.S(B2:B13)/12+VAR.S(B14:B25)/12)
```

መልሱ 1.39 ነው፤ የልዩነቱ ስታንዳርድ ኤረር ይባላል። ይህን በ `T.INV.2T(0.05,22)`፣ ማለትም በ2.07 ስታባዢው 2.88 ይመጣል። ያንቺ ልዩነት 3.4 ነው። ከ4.32 ያንሳል፣ ከ2.88 ግን ይበልጣል። አማካሪሽና አንቺ የተለያያችሁት እዚህች ክፍተት ውስጥ ነው።

የልዩነቱ ኢንተርቫል ከ0.5 እስከ 6.3 ሴንቲ ሜትር ነው። ዜሮ ውስጡ የለም። ቢሆንም አትፎክሪ፤ ጥቅሙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ሊሆንም ይችላል። ለአማካሪሽ ይህን አንድ መስመር ብታሳዪያቸው ይበቃል። በነገራችን ላይ ኢንተርቫሎቹ ጭራሽ ባይነካኩ ኖሮ ልዩነት አለ ማለት ይቻል ነበር። መደራረባቸው ግን ብቻውን ልዩነት የለም አያሰኝም።

«T.TEST መጨረሻ ላይ 1፣ 2 ወይም 3 አስገባ ይለኛል። እኔ ሁልጊዜ 1 ነው የማስገባው፣ ችግር አለው?» — ከሄርማታ

አለው እንጂ። 1 ለጥንድ መለኪያ ነው፤ ያው አንድ ችግኝ በፊትና በኋላ ሲለካ ማለት ነው። ለተለያዩ ችግኞች 1 ካስገባህ የማይተዋወቁትን በረድፍ አጣምረህ ታነጻጽራለህ፤ ረድፉን ስትቀይር መልሱም ይቀየራል። 2 የሁለቱ ቡድኖች መበታተን እኩል ነው ብሎ ይነሳል፤ 3 እንደዚያ አይልም። እኔ ብሆን 3ን አስገብቼ አርፋለሁ። በጅሬኗ ልጅ ሠንጠረዥ ፒው 0.023 ገደማ ይሆናል።

ለትንሽ ናሙና የሚሆነውን ይህን የቲ ዘዴ በ1908 ያወጣው፣ በነገራችን ላይ፣ ዊሊያም ጎሴት የሚባል የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ጽሑፉን «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ነበር ያሳተመው።

«ጓደኞቼ ሪግሬሽን ካልሠራህ ጥናት አይባልም ይሉኛል። ሁለት ቡድን ብቻ ላለው ሰው ምን ይጨምርለታል?» — ከዩኒቨርሲቲው አካባቢ

ቡድኑን ብቻ ካስገባህበት ምንም አይጨምርም። በዚያው በላይኛው ሠንጠረዥ C ላይ ብስባሽ ላገኘው 1፣ ላላገኘው 0 ጻፍና `=SLOPE(B2:B25,C2:C25)` በል። 3.4 ይወጣል። `INTERCEPT` ደግሞ 23.0። ያው የአማካዮቹ ልዩነትና የ0 ቡድን አማካይ ነው።

ጥቅሙ የሚታየው ሌላ ነገር ስትጨምርበት ነው። የጅሬኗ ልጅ ችግኞቹን በዕጣ ነው የከፈለቻቸው፤ ግን ገና ሲጀመር ብስባሽ የደረሳቸው በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ይረዝሙ ነበር። ዕጣ እንዲህ ያደርጋል። የመነሻ ቁመቱን D ላይ አድርገን ይህን እንጻፍ።

```
=LINEST(B2:B25,C2:D25,TRUE,TRUE)
```

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ኤክሴል ውጤቱን ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚደረድረው። መጀመሪያ የሚታይህ የD፣ ማለትም የመነሻ ቁመቱ ቁጥር ነው፤ እሱም 1.3። ቀጥሎ የC፣ 2.1። መጨረሻ ላይ ኢንተርሴፕቱ። የመጀመሪያውን አንስቶ «የብስባሹ ጥቅም 1.3 ነው» ብሎ የጻፈ ስንቱ አለ! ማረጋገጥ ከፈለግህ የD ዓምድን ለጊዜው በ10 አባዛው። በአስር እጥፍ ያነሰው ቁጥር የD ነው።

2.1 ከየት መጣ? በመነሻ 1 ሴንቲ ሜትር የረዘመ ችግኝ መጨረሻ ላይ በ1.3 ይረዝማል። ከ3.4 ላይ ይህ 1.3 ሲቀነስ ለብስባሹ የሚቀረው 2.1 ነው። ከሥሩ ያለው ረድፍ ስታንዳርድ ኤረሩን ይሰጥሃል፤ ከ1.39 ወደ 0.8 ወርዷል። የችግኞቹ መለያየት አብዛኛው ከመነሻቸው የመጣ ስለነበር ማለት ነው። አዲሱ ኢንተርቫል ከ0.4 እስከ 3.8 ነው። ልዩነቱ አነሰ፣ ግን ይበልጥ በትክክል ታወቀ። ጽሑፍ ላይ ሁለቱንም አሳይ፤ ትልቁን መርጦ ማቅረብ ያስተዛዝባል።

«ዕድሜውን በቀን ላስገባ ብዬ የተዘራበትን ቀን ጻፍኩ። LINEST ግን #VALUE! ይለኛል።» — ከመርካቶ

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ነው አይደል የጻፍከው? 30/2/2016 ለአንተ ጥቅምት 30 ነው። ለኤክሴል ግን ፌብሩዋሪ 30 የሚባል የፈረንጅ ቀን ስለሌለ ተራ ጽሑፍ ይሆንበታል። በሴሉ ግራ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ታየዋለህ። የሚያስፈራው የተቀበላቸው ቀኖች ናቸው፤ ወራቱን አንዳንዴ 31 እያለ ይቆጥርልሃል። ቀንና ወርን በተለያየ ዓምድ ጻፍና `=30*(ወር-1)+ቀን` በሚለው ስሌት ቁጥር አድርጋቸው። ጳጉሜን ተሻግረህ አዲስ ዓመት ከገባህ ለአዲሱ ዓመት ቀኖች 365 ወይም 366 ጨምር።

«እኔ 60 ችግኝ አለኝ፣ 30 በጥላ መደብ፣ 30 ያለ ጥላ መደብ። ፒው 0.0001 ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?» — ከአጋሮ

ስንት መደብ ነው ያለህ? ሁለት ብቻ ከሆነ ናሙናህ 60 አይደለም፤ በየወገኑ አንድ ነው። ጥላውን ያደረግኸው ለመደቡ እንጂ ለእያንዳንዱ ችግኝ አይደለም። አንዱ መደብ ውኃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ቢሆን 30ዎቹም አብረው ይጎዳሉ፤ ኤክሴል ደግሞ ይህን ጥላው ያመጣው አድርጎ ይቆጥረዋል። ፎርሙላው ችግኞቹ ጎረቤታሞች መሆናቸውን በምን ያውቃል?

ባለህ መረጃ የሁለቱን መደብ አማካይ መግለጽ ትችላለህ፤ ፒውን ግን ሰርዘው። ለሚቀጥለው ዙር ያንኑ 60 ችግኝ በ12 ትናንሽ መደቦች፣ በየመደቡ 5 አድርገህ ክፈል። ስድስቱ ጥላ እንዲያገኙ ዕጣ አውጣ። ከዚያ በ `AVERAGEIFS` የየመደቡን አማካይ አውጥተህ `T.TEST` ላይ 6 በ6 አስገባ። ፒው ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ ፈታኝ ፊት ስትቆም ግን የምትከላከለው እሱን ነው።