ሰባ ፊደል ውስጥ ቅናሹም፣ ቀኑም፣ ማቆሚያውም

«ለፋሲካ ይህን ላክሁ፦ ‹ውድ ደንበኞቻችን እንኳን ለፋሲካ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! በዓሉን ምክንያት በማድረግ በሁሉም ጫማዎች ላይ እስከ 20 በመቶ ታላቅ ቅናሽ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ።› ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሁለት መልእክት ሒሳብ ተቆረጠብኝ። ለምን?» (የጫማ ሱቅ ባለቤት፣ ሀዋሳ ፒያሳ)

በግእዝ ፊደል የሚጻፍ አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራሉ። የእርስዎ 99 ስለሆነ ለሁለት ተከፈለ። የበዓል ምኞቱ ብቻ 37 ቦታ ወስዷል። በሁለት መልእክት ዋጋም ቅናሹ መቼ እንደሚያበቃ አልተነገረም፤ «ለተወሰነ ጊዜ» የሚል ሰው ቀን አልሰጠም። እንዲህ ቢሆንስ፦

«በሁሉም ጫማ 20% ቅናሽ፣ እስከ ቅዳሜ ሚያዝያ 3 ማታ 1 ሰዓት። ለማቆም STOP ወደ 0000 ይላኩ»

ይህ 63 ነው (በ0000 ፈንታ የራስዎን አጭር ቁጥር ያስገቡ)። በተረፈው ቦታ «ፒያሳ፣» ይገባል። የሱቁን ስም ያልጻፍሁት በላኪነት ከላይ ይታያል ብዬ ነው፤ ላኪው ቁጥር ብቻ ከሆነ ግን ስሙ የግድ ከመልእክቱ መጀመሪያ ይግባ። «እስከ 20 በመቶ» ያሉትን ደግሞ ያስቡበት። ሁሉም ጫማ እኩል ከቀነሰ «እስከ» አያስፈልግም፤ የሴት ጫማ ብቻ ከሆነ «የሴት ጫማ 20% ቅናሽ» ይበሉ። ደንበኛው ሱቅ ደርሶ 5 በመቶ ካገኘ የሚቀጥለውን መልእክትዎን አያነብም።

«በላቲን ፊደል ከጻፍሁ 160 ይገባል ይሉኛል። አማርኛውን በላቲን ልጻፈው?»

አልመክርም። «ቅናሽ» ሦስት ፊደል ነው፤ በላቲን ስድስት ይሆናል። ያተረፉት ቦታ በአብዛኛው ያልቃል፣ አንባቢውም ይደናገራል። በሲዳምኛ ለሚያነቡ ደንበኞች ግን ቋንቋው በላቲን ስለሚጻፍ 160ው በእርግጥ ይጠቅምዎታል፤ ለብቻው ይላኩት። ከአማርኛው ጋር ካደባለቁት፣ ወይም አንዲት «።» ከገባች፣ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። በስልክ ሲጽፉ ራሱ የሚገባው ጠማማ ጭረት (’) እንዲሁ ያደርጋል፤ ቀጥ ያለውን (') ይጠቀሙ። መልእክቱ አጭር ሆኖ ሳለ ሒሳቡ ከበዛ መጀመሪያ ይህን ይፈልጉ።

«‹ለማቆም STOP ብለው ይመልሱ› ብዬ ጽፌያለሁ፤ ማንም አልመለሰም። ደንበኞቼ ወደውታል ማለት ነው?»

መጀመሪያ ከራስዎ ስልክ ይሞክሩት። ላኪው በፊደል የተጻፈ ስም ከሆነ ለእሱ መልስ መላክ አይቻልም፤ ደንበኛው ሞክሮ አልሄድ ብሎት ይሆናል። «ይመልሱ» የሚሠራው ላኪው መልስ የሚቀበል ቁጥር ሲሆን ነው። ካልሆነ የሚላክበት ቁጥር በመልእክቱ ውስጥ ይጻፍ። STOP፣ stop እና አቁም ሦስቱም እንዲሠሩ አገልግሎቱን የሚሰጥዎትን ድርጅት ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ስልክ የአማርኛ መጻፊያ የለውም። የጠየቀውንም ሰው ቀጣዩ መልእክት ከመላኩ በፊት ከዝርዝሩ ያውጡት።