ባለ 110 ይበቃል ወይስ ባለ 160? የሽንት ቤት ፍሳሽ ቱቦ ስፋትና ስሎፕ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሁለት ሽንት ቤት ያለው ቪላ እየሠራሁ ነው። እንዳይደፈን ብዬ ባለ 160 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ገዛሁ፤ ቧንቧ ሠራተኛው ግን 110 ይበቃል ይላል። ሰፋ ያለው አይሻልም?

መልስ፦ ሠራተኛዎ ልክ ነው። ቆሻሻውን የሚገፋው ውሃው ነው፤ ሲፎኑ በአንድ ጊዜ የሚለቀው ደግሞ 6 ሊትር ያህል ብቻ ነው። በጠባብ ቱቦ ያ ውሃ ተሰብስቦ ቆሻሻውን ያነሳዋል። በሰፊው ግን ወለሉ ላይ ስለሚዘረጋ ይሳሳል፤ ወረቀቱና ደረቁ ቆሻሻ መንገድ ላይ ይቀራሉ፣ የሚቀጥለው መጥቶ በላዩ ይከመራል። በሜትር 2 ሳንቲም የሚወርድ ባለ 110 ቱቦ ግማሹን ብቻ ሞልቶ በሰከንድ 5 ሊትር ያህል ያወርዳል። ሁለቱም ሽንት ቤት በአንድ ጊዜ ቢለቀቅ እንኳ አይሞላም። 160 የሚያስፈልገው የብዙ ቤት ፍሳሽ አንድ መስመር ላይ ሲገናኝ ነው። ቢችሉ ይመልሱት። ካልሆነ ለዝናብ ውሃ ያውሉት፤ ግን 160 ጀምረው ሴፕቲክ ታንኩ ጋ ሲደርሱ ወደ 110 እንዳያጠቡት፣ ወረቀት እዚያው ይያዛል።

ጥያቄ፦ ስሎፕ በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው አይደል? እኔ በሜትር 5 ሳንቲም ነው የምሰጠው፣ ተደፍኖ አያውቅም።

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ለባለ 110 የሽንት ቤት መስመር በሜትር 2 ሳንቲም ጥሩ ልክ ነው። ከ1.25 ሳንቲም በታች ከወረደ ግን ውሃው አቅም ያጣል። ወደ ላይ ግን እንደዚያ ጥብቅ ወሰን የለም። የ5 ሳንቲም ዋና ኪሳራው ጉድጓድ ነው፦ 18 ሜትር ሲሄዱ 90 ሳንቲም ይወርዳሉ፣ ታንኩም አብሮ ይጠልቃል።

ከሌላ አባል፦ ይቅርታ፣ ሲበዛ ውሃው ቀድሞ ይሮጥና ደረቁን ጥሎት ይሄዳል። እኛ የተማርነው እንደዚያ ነው።

መልስ፦ ብዙ ባለሙያ ይህንኑ ይላል፤ ሌሎች ደግሞ በትንሽ ቱቦ ያን ያህል አይታይም ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ቢሆንም መሬቱ ካላስገደደ ከ2 አልርቅም።

ጥያቄ፦ የእኔ 110 ነው፣ ከሽንት ቤት እስከ ሴፕቲክ ታንክ 18 ሜትር። ልዩነቱ 40 ሳንቲም ነው ተብያለሁ። ግን በየሁለት ወሩ ይደፈናል።

መልስ፦ 40 ለ18 ሲካፈል በሜትር 2.2 ሳንቲም ነው፤ ጫፍና ጫፉ ደህና ነው። ጥርጣሬዬ መሃሉ ላይ ነው፦ ቱቦው አንድ ቦታ ረግቦ ሆድ አውጥቷል። እዚያ ውሃ ይተኛል፣ ፍጥነቱ ይሞታል፣ ደረቁ ይዘቅጣል። ማረጋገጥ ቀላል ነው። መስመሩ ተከፍቶ ከጸዳ በኋላ ውሃ ይልቀቁና አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ ማንሆሉን ከፍተው በባትሪ ወደ ቱቦው ይመልከቱ። ንጹሕ መስመር ባዶ ይሆናል። የተኛ ውሃ ካበራ ሆዱ እዚያ ነው። ማጽጃው ሽቦ ሁልጊዜ አንድ ርቀት ላይ የሚቆም ከሆነም ርዝመቱን ለክተው እዚያው ያስቆፍሩ።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቱቦውን በጡብ ቁራጭ ደግፎ ሥሩን ባዶ መተው ነው፤ አፈር ሲጫነው በጡቦቹ መሃል ይረግባል። መረሬ አፈር ላይ ይብሳል፣ በክረምት ያብጣል በበጋ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ያን ክፍል አውጥቶ 10 ሳንቲም አሸዋ አንጥፎ እንደገና መዘርጋት ነው። የቱቦው ሰፊ አፍ ወደ ላይኛው ወገን ይዙር፤ ከሥሩም አሸዋውን ትንሽ ቆፈር ያድርጉለት፣ አለዚያ ቱቦው በአፉ ብቻ ይቆማል።

ጥያቄ፦ የኩሽናዬ ሽታም ከስሎፕ ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም፣ እትዬ። መጀመሪያ ከሳህን ማጠቢያው ሥር ያለው ጠማማ ቱቦ ውሃ ይዞ እንደሆነ ይዩ።

ጥያቄ፦ ያለ መሣሪያ ስሎፑን እንዴት ልለካ?

መልስ፦ ባለ 1 ሜትር ውሃ ልክ ይበቃል። በዝቅተኛው ጫፉ ሥር 2 ሳንቲም ውፍረት ያለው እንጨት ያስሩበትና ቱቦው ላይ ያስቀምጡት፤ አረፋው መሃል ሲቆም ስሎፑ ልክ ነው። ይህን በየቱቦው ይድገሙት። ጠቅላላውን ልዩነት ግን ውሃ በሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ይለኩ፣ ምክንያቱም በየሜትሩ ያለች ትንሽ ስህተት ትጠራቀማለች።

ጥያቄ፦ የእኔ ታንክ ተሠርቶ አልቋል፤ 18 ሜትር ላይ የማገኘው 20 ሳንቲም ብቻ ነው።

መልስ፦ በሜትር 1.1 ነው፣ ይህ አይበቃም። ዝቅተኛው ልክ እንኳ 22.5 ሳንቲም ይፈልጋል፤ 2 ለማድረስ 36። ወይ የሽንት ቤቱን ወለል 16 ሳንቲም ያነሳሉ፣ ወይ ታንኩ ላይ ዝቅ ያለ መግቢያ ይከፍታሉ። ሁለተኛው የሚሆነው አዲሱ መግቢያ ከመውጫው በላይ ከቀረ ብቻ ነው። በመግቢያውና በመውጫው መካከል ስንት ሳንቲም ልዩነት እንዳለ ለክተው ይላኩልኝ።