የአፓርታማ መግዣ ውልና ቅድመ ሁኔታዎቹ፦ ለድሬዎች ጥያቄና መልስ

ውል ጸሐፊው፦ ዛሬ ከሰዓት ነፃ ነኝ፤ ጠይቁ። አደራ ግን፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። ከሰጣችሁ በኋላ ብዙ አልረዳችሁም።

የሳቢያን ልጅ፦ ጋሼ፣ ሳቢያን ላይ ባለሁለት መኝታ አግኝቻለሁ። ዋጋው 5,200,000 ብር ነው። በእጄ 1,560,000 አለኝ፣ ቀሪው ከባንክ ነው። ሻጩ 300,000 ቀብድ አምጣ እያለኝ ነው። «ባንክ ብድር ካልፈቀደልኝ ቀብዴ ይመለሳል» ብዬ ልጽፍ ነው። ይበቃል?

ውል ጸሐፊው፦ አይበቃም። ሰው የሚበላው እዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነውና በደንብ አንብብ።

ከባንክ የምትፈልገው 3,640,000 ነው። ባንኩ ግን የሚያበድርህ አንተና ሻጩ በተስማማችሁበት ዋጋ ላይ አይደለም። የራሱን መሐንዲስ ልኮ ያስገምታል፣ በግምቱ ላይ ነው የሚያሰላው። መሐንዲሱ 4,400,000 ገመተ እንበል። ባንኩ የግምቱን 70 በመቶ ቢሰጥህ 3,080,000 ነው። 560,000 ጎደለህ። ብድሩ ግን ተፈቅዷል! የጻፍከው ደግሞ «ካልፈቀደልኝ» ነው። ሻጩ «ተፈቅዶልሃል፣ ክፈል» ቢልህ ምን ትመልሳለህ?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ግልጽ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ያንን «ሌላ ስምምነት» መጻፍ የአንተ ፋንታ ነው። እንዲህ ብለህ ጻፈው፦

«ገዢው ይህ ውል ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ከ3,640,000 ብር ያላነሰ ብድር ካልተፈቀደለት ውሉ ይቀራል። ሻጩም የባንኩ ደብዳቤ በደረሰው በ5 ቀን ውስጥ 300,000 ብሩን ምንም ሳይቀንስ ይመልሳል።»

የብድሩ መጠን፣ የጊዜ ገደቡ፣ የመመለሻው ቀን። ሦስቱም በቁጥር ይጻፉ። ለሻጩም ፍትሐዊ ሁንለት፤ የብድር ማመልከቻህን በ7 ቀን ውስጥ እንደምታስገባ ጨምር። አለበለዚያ «ሆን ብሎ ሳያመለክት ቀረ» ብሎ ይከስሃል፤ ዳኛውም ሊሰማው ይችላል።

ደላላ ከዚራ፦ ሰው አታስፈራሩ እንጂ። ውልና ማስረጃ ያልገባ ወረቀት በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። ቁጥር 1723ን አንብቡ። ስለዚህ ቀብዱ በራሱ ጊዜ ይመለሳል።

ውል ጸሐፊው፦ ግማሹ ልክ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ ይላል፤ እውነት። ግን «በራሱ ጊዜ ይመለሳል» የሚባል ነገር የለም። ብሩ ያለው ሻጩ ኪስ ውስጥ ነው። ለማስመለስ ፍርድ ቤት ትመላለሳለህ። እዚያ ደግሞ ያልተመዘገበ ውል ላይ የተለያየ ውሳኔ አይቻለሁ።

ደላላ ከዚራ፦ እኔ ያገናኘኋቸው ሁሉ በሰላም ነው የተለያዩት።

ውል ጸሐፊው፦ እሰየው። ቀጣይ።

ኑራ ከአዲስ ከተማ፦ የትኛው ባንክ ወለዱ ይሻላል ጋሼ?

ውል ጸሐፊው፦ ባንኮቹን ጠይቂ።

ኑራ ከአዲስ ከተማ፦ እሺ፣ 60 ቀንስ ለምን? ጓደኛዬ በወር ነው ያገኘችው።

ውል ጸሐፊው፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦ ነበር። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም፣ «ተፈቅዷል፣ ገንዘቡ ግን ተራ ይጠብቃል» የሚባለው ያኔ ለመደ። መፈቀድና መለቀቅ ሁለት ነገር ነው። ለእያንዳንዱ የየራሱን ቀን ጻፊ።

የሐረሯ፦ እኔ ጁገል ውስጥ የአያቴ ቤት አለ፣ ወራሾች አልተስማማንም። አክስቴ መሸጥ ትችላለች?

ውል ጸሐፊው፦ እህቴ፣ ይሄ የውርስ ጉዳይ ነው። ዛሬ ስለ አፓርታማ ነው የምናወራው።

ባለ ባጃጅ፦ ቤቱን ስለማስፈተሽ ምን ይጻፍ? «ገዢው ቤቱን አይቶ ወዷል» የሚል ፎርም ነው የሰጡኝ።

ውል ጸሐፊው፦ ያንን ፎርም አትፈርም! «አይቶ ወዷል» ካልክ በኋላ በዓይን የሚታይ ጉድለት ሁሉ ያንተ ነው። በምትኩ «ገዢው በ10 ቀን ውስጥ በራሱ ባለሙያ ያስፈትሻል፤ የጥገናው ግምት ከ80,000 ብር ከበለጠ ሻጩ ከዋጋው ይቀንሳል ወይም ቀብዱን ይመልሳል» በል። ብሩን እንደ ቤቱ አስተካክለው።

ድሬ ላይ ደግሞ ከቀለሙ በፊት ውሃውን ነው የማየው። ውሃችን ካልሲየም ይበዛበታል፣ ጀበናችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያው ነገር ቧንቧውንም ይደፍነዋል። የሻወሩን ራስ ፍታና እየው። ቀዳዳዎቹ በነጭ ከተደፈኑ፣ ግድግዳ ውስጥ ያለው መስመርም የጠበበ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ውሃው በመጣበት ቀን ወጥ ቤቱንና ሻወሩን አንድ ላይ ክፈት። አንዱ ሲከፈት ሌላው ከሞተ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ይዘህ ተመለስ። በጣሪያ ሮቶ ብቻ አትፈትን። የላይኛው ፎቅ ከሮቶው ብዙ ስለማይርቅ በሮቶ ውሃ ግፊቱ ደካማ ነው፤ ጥፋቱን በቧንቧው ላይ እንዳታላክክ።

የደቻቱ ዳር፦ ጎርፍን ረሳህ! በ1998 የሆነውን ያየ ሰው ምድር ቤት አይገዛም።

ደላላ ከዚራ፦ ከዚያ ወዲህ ግንብ ተሠርቷል። የሰው ገበያ አትዝጋ።

የደቻቱ ዳር፦ ግንቡ ዳር ኑርና ንገረኝ። ክረምት ሲመጣ ሌሊት የምንነሳው እኛ ነን።

ደላላ ከዚራ፦ አቦ፣ ስንቱ እየኖረ ነው!

ውል ጸሐፊው፦ ወንድሞቼ፣ ይብቃችሁ። ደቻቱ አጠገብ የምትገዙ፣ የምድር ቤቱን ግድግዳ ከወለሉ ጀምሮ እስከ ጉልበት ድረስ በእጅ ዳስሱ። አዲስ ቀለም እዚያች ላይ ብቻ ካለ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ። ግንቡ ይበቃል አይበቃም የሚለውን እኔ አልፈርድም።

ሙሽራዋ፦ ሠርጌ ጥር ላይ ነው። የርክክቡን ቀን «ታኅሣሥ 30» ብዬ ብጽፍ ችግር አለው?

ውል ጸሐፊው፦ በብድር ከገዛሽ አዎ። ባንኩ ብሩን የሚለቀው ካርታው በስምሽ ዞሮ በመያዣነት ከተመዘገበ በኋላ ነው። ስለዚህ ሻጩ ብሩን ሳይቀበል ስሙን ሊያዞር ነው፤ ይፈራል። ባንኩ «ብድሩ ተፈቅዷል፣ ለሻጩ ይከፈላል» የሚል ደብዳቤ እንዲጽፍለት ጠይቂ። ርክክቡን ደግሞ «ክፍያው በሻጩ ሒሳብ በገባ በ7 ቀን ውስጥ» በይ። ሻጩ ካዘገየ በየቀኑ የሚከፍለው መቀጫ ይጻፍ። አንቺም የሠርግ ካርድ ላይ አዲሱን አድራሻ ገና አታሳትሚ።

ሙሽራዋ፦ ቤቱ ውስጥ ተከራይ አለ ግን። ሻጩ «አስወጣዋለሁ» ብሏል።

ውል ጸሐፊው፦ ይሄን ቀድመሽ አትናገሪም ነበር? በአዋጅ 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ቢያንስ የሁለት ዓመት ነው። ሻጩ እንዳሻው ነገ ውጣ ማለት አይችልም። የኪራይ ውሉን ኮፒ ተቀበይና የሚያልቅበትን ቀን እዪ። ከዚያ «ቤቱ ባዶውን፣ የመብራትና የውሃ ዕዳው ተከፍሎ፣ ሁሉም ቁልፍ ይሰጣል» ብለሽ ጻፊ። ባዶ ሆኖ ካልተረከብሽ ምን እንደሚሆንም ጻፊ። የኪራይ ውሉ ከጥር የሚያልፍ ከሆነ ሌላ ቤት እንድትፈልጊ እመክርሻለሁ።

ኑራ ከአዲስ ከተማ፦ ሻጩ ባለትዳር ነው። ሚስቱ ውጭ ናት፣ በስልክ እሺ ብላለች።

ውል ጸሐፊው፦ የስልክ እሺታ አይሠራም። የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም። ውክልናዋ ይምጣ። ውክልናው ላይ «መሸጥ» የሚል በግልጽ መኖሩን ሳታዪ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጪ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ አሁን ነው የገባሁት። ባንክ እምቢ ካለ ቀብዴን አገኛለሁ?

ውል ጸሐፊው፦ ወንድሜ፣ ወደ ላይ ውጣና ለሳቢያን ልጅ የመለስኩትን አንብብ። ወረቀትህ ላይ ምን ተጽፏል?

አዲስ ገቢ፦ ወረቀት የለንም። 200,000 ሰጥቼዋለሁ፣ በቴሌብር። ሰፈሬ ነው፣ እንተዋወቃለን።

ውል ጸሐፊው፦ የቴሌብሩን ደረሰኝ አትም። ዛሬ ማታ ሁለት ምስክር ይዘህ ሂድና፣ ብሩ ለየትኛው ቤት እንደሆነና ብድር ካልተፈቀደ እንደሚመለስ አስፈርመው። ከተዋወቃችሁ አይከፋውም። ከከፋው ደግሞ አሁኑኑ ጻፍልኝ።